የምጣዱ ሰዓት ስንት ያወጣል?

እኔ በቤር ሼቫ የኩፓት ሆሊም ነርስ ነኝ። ነርስነቱንም የተማርኩት በዚሁ ከተማ ነው። የቀን ሥራዬ የደም ግፊት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ ስኳር ያለባቸውን ወላጆቻችንን መከታተል ስለሆነ፣ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ንግድ ሂሳብ ስጽፍ የሚገርመው ሰው ይኖራል። ወደዚህ ያመጣኝ የአክስቴ ጉልበት ነው።

አክስቴ ስድሳን አልፈዋል። ከመኖሪያ ሕንፃቸው ሥር ባለች ትንሽ የተከራዩአት ክፍል እንጀራና ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለቻቸው። ማታ ማታ ጉልበታቸው አብጦ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላውቅም» ይሉኝ ነበር። ዳቦ በሙሉ ይሸጣል፣ እንጀራ በሙሉ ይሸጣል፣ እንዲያውም ሰው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ በወሩ መጨረሻ ግን ከክፍሉ ኪራይና ከአርኖና በኋላ እጃቸው ላይ የሚቀረው ያን ያህል አልነበረም። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ምክር የነርስ ምክር ነበር፤ ሥራውን ይቀንሱ አልኳቸው። «የትኛውን ልቀንስ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ሂሳቡን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ቁጥሮቹን ለንባብ እንዲመቹ ጥቂት አጠጋግቻቸዋለሁ።

አክስቴ በዚያች አንድ ምጣድ ላይ አራት ነገር ይጋግራሉ። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ ጤፍና የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ፣ አምባሻ፣ እና ለሰንበት የሚታዘዝ ትልቅ ድፎ ዳቦ። ከየትኛው ይበልጥ እንደሚጠቀሙ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ «ዳቦው ነዋ!» አሉኝ። አንዱ ድፎ ዳቦ በ60 ሸቅል ይሸጣል፤ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ እንቁላሉ፣ ጥቁር አዝሙዱና መጠቅለያው 20 ይፈጃል፤ 40 ሸቅል ይተርፋል። ከአንዱ አምባሻ 21 ሸቅል ይተርፋል፤ በ30 ተሸጦ ዕቃው 9 ነው። ከአንድ እንጀራ ግን የሚተርፈው የሸቅል ሽርፍራፊ ነው፤ የጤፉ በ6 ሸቅል ተሸጦ ለዱቄትና ለላስቲክ 2 ሸቅል ከ50 ሲወጣለት 3 ከ50፣ ቅልቅሉ በ4 ሸቅል ተሸጦ 1 ከ20 ሲወጣለት 2 ከ80 ይተርፋል። 40 ሸቅል ከ3 ሸቅል እንደሚበልጥ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ከሁለቱ እንጀራዎች ደግሞ አክስቴ ቅልቅሉን ያስቀድማሉ። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። «የጤፍ ዱቄት ውድ ነው፣ ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ይበላብኛል። ቅልቅሉ ግን ከ10 ሸቅል 7ቱን ያተርፍልኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ 2 ከ80 የ4 ሸቅል 70 በመቶ ነው፣ የጤፉ ግን 58 በመቶ ገደማ ነው።

እንግዲህ በየሳምንቱ የሚያደርጉት ይህን ነበር። ቅድሚያ ለዳቦ፣ ከዚያ ለአምባሻ፣ ከዚያ ለቅልቅል እንጀራ፣ በቀረችው ሰዓት የጤፍ እንጀራ። በየሳምንቱ «ጤፍ አልቋል» ተብለው የሚመለሱት ሰዎች ይበዙ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ታዕሲያ ቨኒሁል ይማራል። አንድ ዓርብ ሊጠይቀን መጥቶ ይህን ሲሰማ ስለ ሸቅሉ ምንም አልጠየቀም። «እያንዳንዱ ምጣዱን ስንት ደቂቃ ይይዛል?» አለ። አክስቴ ሳቁበት። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ መለካት ጀመረ።

እንጀራ ሊጡ ከፈሰሰበት፣ አክምባሎው ከተገጠመበት፣ ከወጣበትና ምጣዱ ለሚቀጥለው በማሰሻ እስከተጠረገበት ድረስ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሰዓት 20 እንጀራ ማለት ነው፣ ጤፍም ሆነ ቅልቅል። አምባሻ 20 ደቂቃ ይይዛል። ድፎው ዳቦ ግን መገልበጡን ጨምሮ ምጣዱን ሙሉ 1 ሰዓት ይዞ ይቀመጣል።

አሁን ሂሳቡ ተገለበጠ። በአንድ የምጣድ ሰዓት የጤፍ እንጀራ 20 ጊዜ 3 ከ50፣ ማለትም 70 ሸቅል ያስገባል። አምባሻ 3 ጊዜ 21፣ 63 ሸቅል። ቅልቅል እንጀራ 56 ሸቅል። አንደኛ ነው ሲባል የኖረው ዳቦ 40 ሸቅል ብቻ አስገብቶ መጨረሻ ወጣ። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ይህ ዳቦ በሰዓት 30 ሸቅል እየወሰደብኝ ኖሯል?» አሉ። በመጠኑም ቢሆን አዎ፤ ምጣዱ ላይ ዳቦ በተቀመጠ ቁጥር ከኋላው የጤፍ እንጀራ የሚጠብቅ ደንበኛ ካለ፣ የዳቦው 40 ሸቅል የሚገኘው 70 ሸቅል እየተተወ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «የሚተርፍ» ስል ከሽያጩ ላይ ያ ዕቃ ባይሠራ ኖሮ የማይወጣውን ወጪ ብቻ ቀንሼ ነው፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ መጠቅለያ። ኪራዩንና አርኖናውን አላካፈልኩም። ዳቦ ቢጋገርም ባይጋገርም ኪራዩ ያው ነው፤ ለእያንዳንዱ እንጀራ ሽራፊ ኪራይ መድቦ መቀነስ የትኛው እንደሚቅደም ለመምረጥ አይረዳም፣ እንዲያውም ያሳስታል። መብራቱንም አላስገባሁም፤ ምጣዱ ምን ቢጋገርበት በሰዓት የሚበላው ተቀራራቢ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አይለውጥም። አክስቴ ዖሴቅ ፓቱር ስለሆኑ ማዓም አይሰበስቡም፤ ማዓም የሚከፍል ነጋዴ ግን ዋጋውን ያለ ማዓም አድርጎ ይጀምር፣ ያ ገንዘብ የእሱ አይደለምና።

ወንድሜ እንደነገረን ይህን ዓይነት ሐሳብ በዓለም ካስፋፉት ሰዎች አንዱ የዚህ አገር ሰው ነው። ኤሊያሁ ጎልድራት ይባላል፤ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፣ በ2011 ዓርፏል። በ1984 የታተመው ታዋቂ መጽሐፉ ስለ አንድ የተቸገረ ፋብሪካ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ በፋብሪካ ውስጥ ብዙ ማሽን ቢኖርም ሁሉን የሚያስጠብቅ አንድ ማሽን አለ፣ የዚያ ማሽን ሰዓት የመላው ፋብሪካ ሰዓት ነው። የአክስቴ ፋብሪካ አንድ ምጣድ ብቻ ስላላት የምትጠበቀዋን ማሽን ፈልጎ ማግኘት አላስቸገረንም።

ወደ ሳምንቱ ልመለስ። አክስቴ በሳምንት ምጣዱን ለ30 ሰዓት ያህል ያሞቃሉ፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ያጠፋሉ። ከተጠየቁት ሁሉ በሳምንት 300 የጤፍ እንጀራ፣ 240 ቅልቅል፣ 15 አምባሻና 8 ዳቦ ሊሸጡ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ቢጋገር 40 የምጣድ ሰዓት ይፈልጋል፤ ያላቸው 30 ነው። ስለዚህ 10 ሰዓት የሚሆን ትእዛዝ የግድ ይቀራል፤ ምርጫው የትኛው ይቅር የሚለው ነው።

በቀድሞው አሠራራቸው 8 ዳቦ፣ 15 አምባሻና 240 ቅልቅል ከጋገሩ በኋላ ለጤፍ እንጀራ 5 ሰዓት፣ 100 እንጀራ ብቻ ይቀራቸው ነበር። በሳምንት የሚተርፈው 1,657 ሸቅል ነው። በምጣድ ሰዓት ደረጃ ቢሄዱ ግን 300ውን የጤፍ እንጀራ በሙሉ፣ ከዚያ 15ቱን አምባሻ፣ በቀሩት 10 ሰዓታት 200 ቅልቅል ይጋግራሉ፤ ዳቦ አይኖርም። 1,925 ሸቅል ይሆናል። በዚያው ምጣድ፣ በዚያው 30 ሰዓት፣ በሳምንት 268 ሸቅል ብልጫ።

ወንድሜ ደስ ብሎት ወረቀቱን አጣጠፈ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እኔ የማየው ጉልበቱን ነውና።

እንጀራ ሲጋገር ሰው ከምጣዱ አይለይም። በየ3 ደቂቃው ማፍሰስ፣ መክደን፣ ማውጣት፣ መጥረግ አለ፤ የምጣዱ 1 ሰዓት የአክስቴም 1 የቁም ሰዓት ነው። ዳቦ ግን አንዴ ከተቀመጠ በኋላ እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ለመድፋት፣ ለመገልበጥና ለማውጣት ተደምሮ ሩብ ሰዓት ቢቆሙ ነው። ለአምባሻውም ከ20 ደቂቃው 10 ደቂቃ ይበቃል። ሊጡን ማታ ልጃቸው ስለሚያቦካ አልቆጠርኩትም። በቀድሞው አሠራር አክስቴ ምጣዱ ዘንድ በሳምንት 21 ሰዓት ተኩል ይቆማሉ፤ ብዙ ገንዘብ በሚያስገባው በአዲሱ ዕቅድ ግን 27 ሰዓት ተኩል። ወንድሜ ሳያውቀው 268 ሸቅሉን የገዛው በ6 የቁም ሰዓት ነው።

ይህ የዚህ ስሌት ትልቁ ገደብ ነው። በሰዓት የሚተርፈውን አስልቶ በደረጃ መደርደር ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው የሚጠበቀው ነገር አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ምጣድም ጉልበትም አብረው ሲያጥሩ አንዱ ደረጃ ከሌላው ይጋጫል። በቁም ሰዓት ብናሰላ ዳቦ በሩብ ሰዓት 40 ሸቅል፣ ማለትም በሰዓት 160 ሸቅል አስገብቶ ከመጨረሻ ወደ አንደኛ ይወጣል። አክስቴ «ዳቦው ነዋ!» ሲሉ ምናልባት ጉልበታቸው ይናገር ነበር።

ስለዚህ ተቀምጠን ሦስተኛ ዕቅድ ሠራን። አንዱ ዳቦ የቅልቅል እንጀራን 1 የምጣድ ሰዓት ሲተካ ከገንዘቡ 16 ሸቅል ይቀንሳል፣ ከመቆም ደግሞ ሦስት ሩብ ሰዓት ያሳርፋል። 16 ሸቅል ለ45 ደቂቃ ዕረፍት! በዚህ ዋጋ ዕረፍት የሚሸጥ ሌላ ቦታ አላውቅም። 8ቱንም ዳቦ መልሰን አስገባን። አምባሻው እንዳለ ቀረ፣ የጤፍ እንጀራው 300 ሆነ፣ ቅልቅሉ ወደ 40 ወረደ። የሚተርፈው 1,797 ሸቅል ነው፤ የሚቆሙት ደግሞ ልክ እንደ ድሮው 21 ሰዓት ተኩል። አንድ ደቂቃ ሳይጨምሩ በሳምንት 140 ሸቅል ተጨማሪ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤፍ ከቅልቅል ቀደመ። ሁለቱ ምጣዱንም ጉልበቱንም እኩል 3 ደቂቃ ይይዛሉ፣ ጤፉ በእያንዳንዱ 70 ሳንቲም (አጎሮት) ይበልጣል። የዱቄቱ ውድነት ሲያስፈራቸው የኖረ ነገር፣ በአንድ ሳምንት ሂሳብ ፍርሃቱ ዋጋ እንዳስከፈላቸው ታየ። በመቶኛ መለካት የሚጠቅመው ገንዘቡ ራሱ ሲያጥር ነው፤ ለዱቄት መግዣ ያጣ ሰው ከእያንዳንዱ ሸቅል ስንት እንደሚያገኝ ቢያሰላ ልክ ነው። አክስቴ ዱቄት መግዣ አላጡም።

እናንተም ቤት ውስጥ የምትሠሩት ነገር ካለ፣ እንጀራም ይሁን የልብስ ስፌት፣ መጀመሪያ የሚጠበቀው የትኛው እንደሆነ እዩ። ምልክቱ ቀላል ነው። የቦካ ሊጥ ከምጣዱ ፊት ተሰልፎ እየጠበቀ ደንበኛ የሚመለስ ከሆነ፣ ያጠረው ምጣዱ ነው። ምጣዱ እየቀዘቀዘ የሚቆም ከሆነ ግን ያጠረው ሌላ ነው፤ ወይ ጉልበት፣ ወይ ጤፍ፣ ወይ ገዢ። ገዢ ካጠረ ይህ ሁሉ ሂሳብ አያስፈልግም፤ የሚሸጠውን ሁሉ መጋገር ነው። ሌላው ስሕተት ደግሞ ደቂቃውን በግምት መናገር ነው። አክስቴ ስለ ዳቦው ሲጠየቁ «ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» ብለው ነበር። በግማሽ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ዳቦው በሰዓት 80 ሸቅል አስገብቶ ከሁሉ ይቀድም ነበር። በአንድ የተሳሳተ ግምት መላው ደረጃ ይገለበጣል። ስለዚህ በሰዓት ለኩ፤ ማሞቂያውንና መጥረጊያውን ጨምራችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ የነርስ ማስጠንቀቂያ። ጤፍ በራሱ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን ስንዴ የገባበት ቅልቅል ሲጋገርበት የዋለ ምጣድ ላይ የተጋገረ የጤፍ እንጀራ ሴሊያክ ላለበት ልጅ አይሆንም። ምጣድ ይመጣል፣ ያስቀራል። የጤፉን ጠዋት አስቀድሞ መጋገር ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ለዚህ አይበቃም። አክስቴ አሁን ሰው ሲጠይቃቸው እውነቱን ይነግራሉ፣ አንድ ሁለት ገዢም በዚህ ቀርቶባቸዋል።

ደግሞ በወረቀቱ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። ቅልቅሉን የሚገዙት አብዛኞቹ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በጡረታ የሚኖሩ፣ 6 ሸቅል የሚከብዳቸው። በሦስተኛው ዕቅድ 200 ቅልቅል እንጀራ ይቀርባቸዋል። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይተው፣ ማታ ደውለው «ይህ ሂሳባችሁ ዓይን የለውም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሂሳቡ የሚነግረን ለሽማግሌው 20 ቅልቅል እንጀራ በጤፉ ፋንታ መጋገር 14 ሸቅል እንደሚያስቀር ብቻ ነው። ያን ከፍሎ መስጠት ወይም አለመስጠት የአክስቴ ውሳኔ ነው፣ እሳቸውም በየሳምንቱ ለአምስት ቤት ይሰጣሉ። የእኔ አስተያየት ግን እንዲህ ነው፤ ደግነት ሲያደርጉ ዋጋውን አውቀው ቢያደርጉ ይሻላል። ድሮ 268 ሸቅል በየሳምንቱ ይሰጡ ነበር፣ ለማን እንደሰጡት ግን አያውቁም ነበር።

ስለ ዳቦው ዋጋም ተከራከርን። ዳቦ በምጣዱ ላይ ከቅልቅሉ ጋር እኩል እንዲቆም በሰዓት 56 ሸቅል ማስገባት አለበት፤ የዕቃውን 20 ስንደምር 76 ሸቅል መሸጥ ነበረበት። አክስቴ «ለሰንበት ዳቦ 76? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው አልተቀበሉም። ለሠርግና ለሲግድ ለሚያዙ ሰዎች ግን 75 ማለት ጀምረዋል፤ እስካሁን የተመለሰ የለም።

አሁን የቀረን ሁለተኛ ምጣድ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው አንዱ እስኪበስል ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለት ምጣድ ካለው በዚያው ቁም ሁለቱን ያዳርሳል። በአንድ ምጣድ 1 ሰዓት ቆመው 20 ያወጡ የነበሩት 40 ያወጣሉ። ለሽማግሌዎቹ የቀረባቸው 200 ቅልቅል የሁለተኛው ምጣድ 10 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 560 ሸቅል፣ ከዚያ ላይ መብራቱ ይነሣል፣ እሱም በሰዓት ከ2 ሸቅል ብዙም አይበልጥም። ከ10 ሰዓት በላይ ግን ሁለተኛው ምጣድ በዚህ ሂሳብ ምንም አያስገባም፤ ትእዛዙ ሁሉ ተሟልቷልና ያጠረው ገዢ ይሆናል።

እስካሁን ያልገዛነው በመብራቱ ምክንያት ነው። ምጣዷ ብቻዋን 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ትወስዳለች፤ ይህም የአንድ መስመር 16 አምፔር ማለት ነው። ሁለት ምጣድ በአንድ መስመር ላይ ሲሰካ ይጠፋል፣ አንድ ጊዜ የተዋሰ ምጣድ ሞክረን ሊጡ በምጣዱ ላይ ጥሬውን ቀርቷል። ሐሽማላዩ ባለፈው እሑድ መጥቶ አየ፤ ለብቻው መስመር መዘርጋት ያስፈልጋል ብሎ ዋጋውን ጽፎልን ሄደ። የምጣዱን ዋጋ ደምረን፣ መብራቱን ከ560 ቀንሰን አካፍለን፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አክስቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈውታል።